የድምፅ ለውጥን በጉዞው ላይ መያዝ፦ የማርታስ ቪንያርድ ደሴት ትምህርት

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)



ዛሬ የማነሣላችሁ ጥያቄ አንድ ነው። የአንድ አካባቢ ሰዎች አነጋገር እየተለወጠ መሆኑን፣ ለውጡ ገና ሳያልቅ፣ እንዴት ማወቅ ይቻላል? የቀድሞ ሊቃውንት ለውጥ የሚታየው ካለቀ በኋላ ነው ይሉ ነበር። አርባ ዓመት ተቀምጦ የሚጠብቅ ተመራማሪ ደግሞ አይገኝም። ስለዚህ አንድ ብልሃት ተፈጠረ፤ አያቱን፣ አባቱንና ልጁን በአንድ ሰሞን አነጋግሮ ማወዳደር። ሐሳቡ ያረፈው ሰው የድምፅ ሥርዓቱን በልጅነቱ ይዞ ያድጋል፣ ጎልማሳ ከሆነ በኋላ ብዙም አይለውጠውም በሚል ግምት ላይ ነው። ግምቱ ከሠራ፣ ዛሬ የሚናገሩት የሰባ ዓመት አዛውንት ከስልሳ ዓመት በፊት የነበረውን የልጆች አነጋገር ይዘውልን ቆይተዋል ማለት ነው። በሙያው አፓረንት ታይም ይባላል፤ እኔ «በዕድሜ የሚነበብ ጊዜ» እለዋለሁ።

ብልሃቱ የሚሠራው ግን የሚቆጠር ነገር ሲገኝ ነው። ያ ነገር ተለዋዋጭ ይባላል፤ ትርጉሙ ሳይቀየር በሁለት ወይም ከዚያ በላይ መንገድ የሚነገር ድምፅ ነው። በእኛው አማርኛ «ጻፈ» የሚልም «ጣፈ» የሚልም አለ፤ ሁለቱም ያው ናቸው። በየንግግሩ ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ድምፅ መሆን አለበት፤ በሰዓት አንዴ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ቆጠራው ምንም አይነግረንም።

አሁን ወደ ምሳሌዬ ልሂድ። ዊልያም ላቦቭ በ1961 ከማሳቹሴትስ ባሕር ዳርቻ ወጣ ብላ በምትገኘው በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ጥናት ጀመረ፤ ውጤቱም በ1963 ታተመ። የተከታተላቸው ድምፆች ሁለት ናቸው። አንዱ «ራይት» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «አይ»፣ ሌላው «ሃውስ» በሚለው ውስጥ ያለው «አው» ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳቱ አይከብድም። አንዳንድ የደሴቷ ሰዎች «ራይት» በማለት ፈንታ ወደ «ረይት» የተጠጋ ድምፅ ያሰማሉ፤ ኣ የነበረው ወደ ኧ ይሳባል ማለት ነው።

ላቦቭ 69 ቃለ መጠይቆች ቀረጸ። ስለ ሥራና ስለ ሕይወት ጠየቃቸው፣ ጽሑፍም አስነበባቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ከ0 እስከ 3 ነጥብ ሰጠው፤ 0 ማለት ድምፁ በኣ ቀርቷል፣ 3 ማለት ወደ ኧ በደንብ ተስቧል። የነጥቡን አማካይ በ100 ያበዛዋል። አንድ ሰው ዐሥር ቃላት ቢናገርና አራቱ 0፣ ሦስቱ 1፣ ሁለቱ 2፣ አንዱ 3 ቢያገኙ ድምሩ 10፣ አማካዩ 1፣ መለኪያው 100 ይሆናል። ልብ በሉ፤ ያልተሳቡትም ይቆጠራሉ። ጆሮን የሳበውን ብቻ የሚለቅም ሰው ለውጥ የሌለበት ቦታ ለውጥ ያያል።

የ«አይ» ውጤት በዕድሜ ሲደረደር እንዲህ ሆነ፤ ከ75 ዓመት በላይ 25፣ ከ61 እስከ 75 ዓመት 35፣ ከ46 እስከ 60 ዓመት 62፣ ከ31 እስከ 45 ዓመት 81። በየትውልዱ ይጨምራል። ታዲያ ለውጡ ተረጋገጠ እንበል? ቆዩ። ይህ ቁጥር ሌላ ትርጉምም ይይዛል። ምናልባት የደሴቷ ሰው ሁሉ በጎልማሳነቱ ድምፁን ይስብና ሲያረጅ ይተወው ይሆናል። እንዲህ ከሆነ እያንዳንዱ ትውልድ ያንኑ መንገድ ይሄዳል እንጂ ቋንቋው ከቦታው አልተነቃነቀም። ከዕድሜ ሰንጠረዥ ብቻ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

የለየው የቆየ መዝገብ ነው። በ1933 ጋይ ሎውማን የተባለ ባለሙያ ለኒው ኢንግላንድ የቋንቋ አትላስ ሲሠራ አራት የደሴቷን ነዋሪዎች መዝግቦ ነበር፤ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ናቸው። በመዝገቡ «አይ» በመጠኑ ይሳባል፤ «አው» ግን አይሳብም ማለት ይቻላል። ነገሩ የዕድሜ ጠባይ ብቻ ቢሆን የ1933ቶቹ አዛውንትና የ1961ዶቹ አዛውንት አንድ ዓይነት መሆን ነበረባቸው። አልሆኑም፤ በ1961 ከ61 እስከ 75 ዓመት ባሉት ዘንድ «አው» 37 ደርሷል። ስለዚህ ቋንቋው ራሱ ተንቀሳቅሷል።

አንድ እንቆቅልሽ ቀረ። ከ14 እስከ 30 ዓመት ያሉት ወጣቶች መለኪያቸው ወደ 37 ይወርዳል። ለውጡ ቆመ? ላቦቭ ሰዎቹን ስለ ደሴቷ ባላቸው ስሜት ከፈላቸው። ደሴቷን የሚወዱ 63፣ መሃል ያሉ 32፣ የማይወዱ 9 ሆኑ። ደሴቷ ሥራ የጠፋባት፣ በጋ በመጣ ቁጥር በእንግዶች የምትጥለቀለቅ ነበረች፤ ድምፁን መሳብ «እኔ የዚህ ልጅ ነኝ» ማለት ሆኖ ነበር። ዓሣ አጥማጆቹ ከሁሉም በልጠው 100 የደረሱት ለዚህ ነው። ወጣቶቹ ደግሞ ገና ልቆይ ወይስ ልሂድ በሚል ውሳኔ ላይ ነበሩ፤ ለመቅረት ያሰበው ይስባል፣ ለመሄድ ያሰበው ይተዋል። ዕድሜ ለብቻው ቢነበብ ይህ ይጠፋ ነበር።

ግምቱ ራሱስ ምን ያህል ያስተማምናል? በሞንትሪያል በ1971 የተቀረጹ 32 ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች በ1984 እንደገና ተቀርጸው ነበር። በምላስ ጫፍ የሚነገረው «ር» ወደ ጉሮሮ በሚቀርበው እየተተካ ባለበት ዘመን አብዛኞቹ ባሉበት ጸኑ፤ ከፊሎቹ ግን በጎልማሳነታቸው ወደ አዲሱ ሄዱ። የእንግሊዟ ንግሥት ኤልሳቤጥ እንኳ በገና መልእክቶቻቸው ከ1950ዎቹ እስከ 1980ዎቹ አናባቢዎቻቸው ወደ ወጣቶቹ አነጋገር ተጠግተዋል፣ ሙሉ በሙሉ ባይደርሱም። ጎልማሶች ለውጡን በጥቂቱ የሚከተሉ ከሆነ በዕድሜ የሚነበበው ጊዜ የለውጡን ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል ማለት ነው። አቅጣጫውን ግን አይስትም።

በመጨረሻ ወደ «ጻፈ» እና «ጣፈ» ልመለስ፤ ከእናንተ መካከል ለተማሪዎቹ የመመረቂያ ርእስ የሚፈልግ መምህር ይኖራል ብዬ ነው። ሽማግሌዎቹ ጠ፣ ወጣቶቹ ጸ ቢሉ፣ «ጠ እየጠፋ ነው» ብሎ መደምደም አያስቸኩልም። ወጣቱ ትምህርት ቤት የገባ ይሆናል፣ ፊደሉም ጸን ያስታውሰዋል፤ ስለዚህ የተማረውን ከተማረ፣ ያልተማረውን ካልተማረ ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ሽማግሌው ቤታቸው ሲጫወቱ፣ ወጣቱ ቢሮ ውስጥ ሲያነብ የተቀረጹ ከሆነ ደግሞ የሚወዳደረው ዕድሜ ሳይሆን ሁኔታው ነው። ሁሉም የዚያው አገር ተወላጅ መሆናቸውም ይታይ። ከዚያ በኋላ የድሮ ቀረጻ ፈልጉ፤ አንድ የቆየ ካሴት ለቪንያርድ የሎውማን መዝገብ የሠራውን ሊሠራላችሁ ይችላል።