ገንዘብ ለሚጠይቅ ደዋይ፦ ለእናቴ የላክሁት መልእክት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከተነበበ ንግግር)



እኔ በሰው ፊት ቆሞ መናገር ብዙም አልለመድኩም። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ጠረጴዛ ላይ ደፋ ብዬ ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በመመዝገብ ነው። ነገር ግን ሰብሳቢያችን «ለእናትህ የጻፍክላትን ወረቀት ለእኛም አንብብልን፤ በየቤታችን አሮጊት እናት አለን» ስላሉኝ እሺ ብዬ ይዤው መጥቻለሁ።

ወረቀቱን ከማንበቤ በፊት ነገሩ እንዴት እንደመጣ ላስረዳ። እናቴ ጨንቻ ነው የምትኖረው። ዕድሜዋ ሰማንያ አልፏል። ፊደል የቆጠረችው በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ ቁጥር ግን ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች፣ ቅቤና ድንች ስትሸጥ ነው የኖረችው። ታናሽ ወንድሜ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ሸማኔ ነው። እንደምታውቁት የኛ ሰው ለመስቀል አገሩ ይገባል፤ መግባት ያልቻለ ደግሞ የሥጋውን መዋጮ ይልካል። ድሮ ብሩ በመሐረብ ተቋጥሮ በሰው እጅ ይመጣ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ግን ወንድሜ በስልክ መላክ ጀመረ፣ እናቴም የልጅ ልጇ እያሳያት *127# መደወል ለመደች።

ታዲያ አንድ ዓመት ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው በእናቴ ሒሳብ 5,200 ብር ነበር። ጧት ስልኳ ላይ ጽሑፍ መጣ፤ «1,800 ብር ተቀብለዋል» ይላል። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ጎልማሳ ደወለ። ድምፁ ያሳዝናል። «እማማ፣ ሆስፒታል ለተኛች እናቴ የመድኃኒት ልልክ ስል አንዲት ቁጥር ተሳስቼ ወደ እርስዎ ገባብኝ። እባክዎ እናቴ ሳትሞትብኝ ይመልሱልኝ» አላት። እናቴ የሰው ገንዘብ ይዞ ማደር ነውር ነው ብላ ነው ያደገችው። እሱ በስልክ እየመራት፣ እሷም እየተጫነች 1,800 ብር «መለሰችለት»።

ማታ ሒሳቧን ስታይ 3,400 ብር ሆኖ አገኘችው። 5,200 ላይ 1,800 ገብቶ ቢሆን 7,000 ይሆን ነበር፤ 1,800 ሲመለስ ተመልሶ 5,200 መሆን ነበረበት። ያ የመጣው ጽሑፍ ባዶ ጽሑፍ ነበር ማለት ነው። ምንም የገባ ብር የለም። የወጣው የራሷ ብር ነው።

ከሁሉ የከፋው እሷ አፍራ ዝም ማለቷ ነው። ሦስት ቀን ለማንም አልተናገረችም። እኔ ለበዓሉ ስወጣ የመዋጮው ሒሳብ አልገጥም ሲለኝ ነው ያወጣችው። ያን ጊዜ ብንደውልም ገንዘቡ በዚያው በመጀመሪያው ቀን ተነሥቶ ሄዷል። እንግዲህ ከበዓሉ መልስ አርባ ምንጭ ቁጭ ብዬ የጻፍኩላት ይህ ነው። በትልልቅ ፊደል ነው የጻፍኩት፤ የልጅ ልጇ ስልኩ ከሚቀመጥበት በላይ ግድግዳው ላይ ለጥፎላታል።

ይድረስ ለውድ እናቴ፤

እንደምን ከርመሻል? እኔና ልጆቹ ደኅና ነን። በደረሰው ነገር እንዳታዝኚ። አንቺ የተታለልሽው ስለ ሞኝነትሽ አይደለም፤ የሰው ገንዘብ አልፈልግም ስላልሽ ነው። ሌባው ይህን ያውቃል። በስስታም ሰው ላይ ይህ ዘዴ አይሠራለትም።

እማዬ፣ እኔ የንብረት ጸሐፊ ሳለሁ ዕቃ ወደ መጋዘን ሲገባ ሞዴል 19 ይቆረጣል፣ ሲወጣ ሞዴል 22። አንድ ሰው መጥቶ «ዕቃ ላስገባልህ ነውና ሞዴል 22 ቁረጥልኝ» ቢለኝ ሌባ መሆኑን ወዲያው አውቃለሁ። የስልኩም ገንዘብ እንደዚሁ ነው። ገንዘብ ወደ አንቺ ሲገባ አንቺ ምንም አትነኪም፤ ተኝተሽም ቢሆን ይገባል። ያቺ ስድስት ቁጥር የሆነችው የምሥጢር ቁጥርሽ የምታስፈልገው አንቺ ራስሽ ሒሳብሽን ስትከፍቺና ገንዘብ ሲወጣ ነው። ፊርማሽ ናት። ስለዚህ «ገንዘብ ልልክልዎ ነው፣ ሽልማት ደርሶዎታል፣ የምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩኝ» የሚል ሁሉ ሊያስገባልሽ ሳይሆን ሊያስወጣብሽ ነው። ከቴሌ ነኝ ቢል፣ ከባንክ ነኝ ቢል፣ ስምሽንና የልጅሽን ስም ቢጠራልሽም ያው ነው። ስም ማወቅ ቀላል ነው፤ በገበያ ጠይቆ ያገኘዋል።

አሁን ያ «ተሳስቼ ላክሁ» የሚለው ሰው ተመልሶ ቢመጣ እንዴት እንደምታውቂው ልንገርሽ። መጀመሪያ ጽሑፉ ከማን እንደመጣ እዪ። የቴሌብር ጽሑፍ ሲመጣ ከላይ 127 የሚል አለበት። በ09 ወይም በ07 ከሚጀምር ረጅም ቁጥር የመጣ ከሆነ አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው። እኔም በስልኬ «መቶ ሺህ ብር ገብቶልሻል» ብዬ ልጽፍልሽ እችላለሁ፤ መጻፍ ገንዘብ አይሆንም።

ሁለተኛ፣ እውነተኛው ጽሑፍ የገባውን ብቻ አይነግርሽም፤ መጨረሻው ላይ አሁን ያለሽ ገንዘብ በጠቅላላው ስንት እንደሆነ ይጽፋል። ሌባው ይህን ከየት ያመጣዋል? አንቺ 5,200 እንዳለሽ አያውቅም። ወይ ሳይጽፈው ይቀራል፣ ወይ በግምት ይጽፋል። ለአንቺ ደግሞ መደመር ማንም አያስተምርሽም። በወረቀት ላይ ያለሽን ጻፊና ያዢ፣ የገባውን ደምሪበት፤ ካልገጠመ ውሸት ነው።

ሦስተኛውና ዋናው ግን ጽሑፉን ትተሽ ሒሳቡን ራሱን ማየት ነው። ጽሑፍን አስመስሎ መሥራት ይቻላል፤ በሒሳብሽ ውስጥ ያለውን ግን ደዋዩ ሊለውጠው አይችልም። ስልኩን ዝጊበት። ዘግተሽ ነው እንጂ እሱ እያወራሽ አይደለም። ከዚያ ራስሽ *127# ደውለሽ ቀሪ ሒሳብሽን እዪ። እሱ «አይዝጉ፣ እኔ እየመራሁዎ ይጫኑ» ቢልሽ እንዳትሰሚው፤ ባለፈው የመራሽ ወደ መላኪያው ነበር።

«ገንዘቡ እውነት ገብቶ ቢሆንስ? የሰው እናት ታማስ ቢሆን?» እንደምትዪኝ አውቃለሁ። እንደሱ ከሆነም በእጅሽ አትመልሺ። «ልጄ፣ ወደ 127 ደውልና ተሳስቻለሁ በል፣ እነሱ ያስተካክላሉ» በዪው። በእውነት የተሳሳተ ሰው ይህን ሲሰማ ያመሰግንሻል። ሌባው ግን ይቆጣል፣ ወይም ያለቅሳል፣ ወይም «አሁኑኑ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ» ይላል። መቻኮሉን እዪ። አንቺ ቆም ብለሽ ሒሳብሽን ካየሽ ሥራው ተበላሸበት፤ የሚያጣድፍሽ ለዚህ ነው። አንዳንዱ ደግሞ በእርግጥ ከሌላ ሰው የተላከ ብር አስገብቶ «በዚህ በሌላኛው ቁጥር መልሱልኝ» ይላል። ያንን ከላክሽ ነገ ባለገንዘቡ መጥቶ የኔን ብር አምጪ ቢልሽ ምን ትመልሺለታለሽ? ስለዚህ ገባም አልገባም ከአንቺ እጅ አይውጣ።

አንድ ሌላ ዘዴም አለ። ሳትጠይቂ በስልክሽ ላይ ቁጥር ብቻ ያለበት ጽሑፍ ይመጣል። ወዲያው አንዱ ደውሎ «ሲም ካርድዎ ሊዘጋ ስለሆነ ያቺን የመጣችውን ቁጥር ያንብቡልኝ» ይላል። እውነቱ እሱ የአንቺን ሒሳብ በራሱ ስልክ ላይ ሊከፍት እየሞከረ ነው፤ ቁጥሯ የበሩ ቁልፍ ናት፣ የተላከችው ግን ለአንቺ ነው። ካላነበብሽለት በሩ ላይ ቆሞ ይቀራል። ለእኔም ቢሆን አታንብቢልኝ።

«ልጅሽ ታሰረ፣ መኪና ገጨው፣ ለሐኪም ላኪ» የሚል ከመጣ ልብሽ እንደሚሸበር አውቃለሁ። ቢሆንም ዝጊና በወረቀቱ ላይ ባለው በወንድሜ ቁጥር ደውዪ። ካላነሳ ለእኔ። «እኔ ራሴ ነኝ፣ ስልኬ ጠፍቶ በሰው ስልክ ነው» ካለሽ ባለፈው የተነጋገርንባትን ጥያቄ ጠይቂው።

(እዚህ ላይ ጥያቄዋ ምን እንደሆነች ለጉባዔው አልናገርም፤ ብትስቁም አልናገርም። ከቤተሰብ በቀር ማንም የማያውቃት የድሮ ነገር ናት። እናንተም የየራሳችሁን ፈልጉ።)

እማዬ፣ አንድ ነገር ብቻ ቃል ግቢልኝ። ገንዘብ ከወጣብሽ በዚያች ሰዓት ንገሪኝ፣ ሌሊትም ቢሆን። ሌባው ብሩን አውጥቶ ሳይጨርስ ወደ 127 ከተደወለ ሊያዝ የሚችልበት ዕድል አለ፤ ካወጣው በኋላ ግን በጣም ያስቸግራል። የመጣብሽን ጽሑፍ አታጥፊው፤ የደወለበት ቁጥርና የላክሽበት ቁጥር ለፖሊስ ያስፈልጋሉ። የምሥጢር ቁጥርሽን ሰምቶ ከሆነ ወዲያው በልጅ ልጅሽ እጅ እንለውጠዋለን። አልቆጣሽም። በ1,800 ብር ተቆጥቼሽ ነበር፣ ስለዚያ ይቅርታ አድርጊልኝ።

ልጅሽ።

ወረቀቱ እዚህ ላይ ያበቃል። ለእድራችን የሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። ለቅሶ ሲኖር ስማችን በጥሩንባ ነው የሚጠራው፤ ማን እንደሞተበት፣ ድንኳኑ የት እንደተተከለ ሁሉም ሰው ይሰማል። ሌባም ይሰማል። ሐዘንተኛን ደውሎ «የእድሩ ገንዘብ ተፈቅዶልዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» ለማለት ምን ይከለክለዋል? ስለዚህ ለሁላችሁም ግልጽ ይሁን፦ የእኛ እድር ገንዘብ ያዥ መዋጮ የሚቀበለው በወር ስብሰባ ላይ፣ በደብተር እያስፈረመ ነው። ለሐዘንተኛም የሚሰጠው ቤት ድረስ ሄዶ በሁለት ምስክር ፊት ነው። በስልክ ቁጥር አይጠይቅም። በቤታችሁ ላሉት አሮጊቶችና ሽማግሌዎች ይህን በሚገባቸው ቋንቋ፣ በጋሞኛም ቢሆን ንገሯቸው።

እናቴን በተመለከተ፣ ባለፈው ጥር ሌላ ሰው «ተሳስቼ 2,000 ብር ላክሁ» ብሎ ደውሎላት ነበር። «እሺ ልጄ፣ ወረቀቴን ልይ» ብላ ተነሥታ ስትመለስ ስልኩ ተዘግቶ አገኘችው። ሒሳቧንም ደውላ አየች፤ እንደነበረ ነው። ለእኔ የደወለችልኝ በማግሥቱ ነው፣ እሱም ቅቤ ስለ መላክ ልትነግረኝ ብላ በመሀል አስታውሳው።

የወረቀቱን ግልባጭ ለሚፈልግ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ከጸሐፊው ዘንድ አለ፤ ቁጥር መጻፊያው ቦታ ባዶ ነው፣ የየቤታችሁን ሙሉበት።