ተንኖ የሚሄደው ውሃ

ሰላም፦ ዳዊት፣ በአሜሪካ ኦሪገን ግዛት፣ በኮሎምቢያ ወንዝ ዳር የምትገኘው የዘ ዳልስ ከተማ ነገር ከልቤ አልወጣም። በ2021 እ.ኤ.አ. የጉግል የመረጃ ማዕከላት ከከተማዋ ውሃ ከሩብ በላይ ወስደዋል፤ 1.3 ቢሊዮን ሊትር ገደማ!

ዳዊት፦ ኮምፒውተር ውሃ ምን ያደርግለታል የሚል አድማጭ ይኖራል። የሚፈጀው ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ሙቀት ይሆናል። ውሃ ሙቀቱን ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣ ማማ ይሄድና ከፊሉ ይተናል። በትነት ብቻ የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ለማስወገድ 1.5 ሊትር ገደማ ይጠፋል።

ሰላም፦ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሞዴሉን ጂፒቲ-3ን ማሠልጠን 1,287 ሜጋዋት ሰዓት እንደፈጀ ተመራማሪዎች ገምተዋል። በዚህ ስሌት እኮ 1.9 ሚሊዮን ሊትር ሊሆን ነው።

ዳዊት፦ ያ ጣሪያው ነው። አየሩ ሲቀዘቅዝ የውጭ አየር ብቻውን ሊበቃ ይችላል። ውሃ የማይፈልግ ማቀዝቀዣም አለ፤ ግን በሞቃት ቀን ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይበላል፤ ያንን የሚያመነጨው ጣቢያም ውሃ ሊያተን ይችላል።

ሰላም፦ እኔን የሚያንገበግበኝ ምስጢሩ ነው። ዘ ዳልስ የጉግልን የውሃ ፍጆታ ቁጥር ላለመስጠት አንድ ጋዜጣን ፍርድ ቤት አቁማ፣ ይፋ ያደረገችው ከ13 ወራት በኋላ ነው። የራሷን ነዋሪዎች ውሃ!