የመምህራን ማመልከቻ ከማስታወቂያው ጋር ሲመዘን
(ለሰበካ ጉባኤ አባላት ከቀረበ ንግግር)



በአንድ የደብር ትምህርት ቤት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል የሒሳብ መምህር ለመቅጠር ሦስት ማመልከቻዎችን መርምረን ነበር። ማስታወቂያው በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪ፣ በእነዚሁ ክፍሎች ቢያንስ የ3 ዓመት ልምድና የተማሪዎች ውጤት ማስረጃ ይጠይቃል።

የመጀመሪያው አመልካች 9 ዓመት ሒሳብ አስተምረዋል፤ ዲግሪያቸው ግን በሥራ አመራር ነው። ለሦስቱም መመዘኛዎች ነጥብ ሰጥተን ስንደምር፣ የልምዳቸው ብዛት የትምህርቱን ጉድለት ሸፍኖ አንደኛ ወጡ። ስሕተቱ የእኛ ነበር። በማስታወቂያው ላይ ግዴታ የሆነ መመዘኛ «ያሟላል» ወይም «አያሟላም» ተብሎ አስቀድሞ ይለያል እንጂ ከሌላው ጋር አይደመርም። ዲግሪው ስለሌላቸው ሳያመለክቱ የቀሩ ሌሎች መምህራንም አሉ፤ እኚህን ብቻ ማሳለፍ እነዚያን መበደል ነው።

ሁለተኛው አመልካች የ6 ዓመት፣ ሦስተኛዋ የ4 ዓመት ልምድ አቀረቡ፤ ሁለቱም በሒሳብ የተመረቁ ናቸው። የልምድ ደብዳቤዎቹ ግን «በመምህርነት አገልግለዋል» ከማለት በቀር ክፍሉንም ትምህርቱንም አይገልጹም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ለቀድሞ ርእሳነ መምህራን ስልክ ደውለን በየዓመቱ የትኛውን ክፍል እንዳስተማሩ ጠየቅን። የሁለተኛው 3 ዓመት በ11ኛና በ12ኛ ክፍል ያለፈ ስለሆነ፣ ለዚህ ቦታ የሚቆጠርላቸው 3 ዓመት ብቻ ሆነ። የሦስተኛዋ 4 ዓመት በሙሉ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል ነው።

ብዙ ያወያየን ውጤቱ ነው። ሁለተኛው «ከተማሪዎቼ 96 በመቶ አልፈዋል» ብለው ጽፈዋል፤ ስንጠይቃቸው ፈተናውን ያወጡትም ያረሙትም ራሳቸው ናቸው። ሦስተኛዋ ያቀረቡት የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና የሒሳብ ውጤት ነው፤ ከተፈተኑ 62 ተማሪዎች 41ዱ ግማሽና ከዚያ በላይ አምጥተዋል። ቁጥሩ ከ96 በመቶ ያነሰ ቢመስልም ፈተናው የውጭ ነው። እርሳቸው ከመምጣታቸው በፊት በነበረው ዓመት በዚያው ትምህርት ቤት ከ58 ተማሪዎች ይህን ያገኙት 27 ነበሩ። በመስከረም የተመዘገቡትንም ጠየቅን፤ ደካማ ተማሪዎች ከፈተናው በፊት ቀርተው ከሆነ ውጤቱ ያለ ምክንያት ያምራልና። 64 ተመዝግበው ሁለቱ ወደ ሌላ ከተማ መዛወራቸውን ከመዝገቡ አየን።

ይህም ቢሆን ሙሉ ማስረጃ አይደለም። የቀድሞ መምህር ድካምም፣ የቤት ውስጥ አስጠኚም በውጤቱ ውስጥ ድርሻ ይኖራቸዋል። ስለዚህ ሁለቱንም በአንድ ርእስ፣ በአንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪዎች ፊት፣ ለአንድ ክፍለ ጊዜ እንዲያስተምሩ ጠራናቸው። ሁለተኛው ቀመሩን በጥራት አስረዱ። ሦስተኛዋ አንድ ልጅ የተሳሳተበትን መስመር በሰሌዳው ላይ ትተው፣ ልጁ ራሱ ስሕተቱን እስኪያገኝ ጠበቁት። በዚያው ሳምንት ተቀጠሩ።