ቫት በቫት ላይ ሲቆጠር
(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ለመርሳው መጋዘናችን ጣሪያ የሚሆን 40 ቆርቆሮ ከወልድያ እንደገዛን ታውቃላችሁ። ሻጩ አንዱን ቆርቆሮ በ575 ብር፣ ቫትን ጨምሮ፣ እንደሚሰጠን በዋጋ ማቅረቢያው ላይ ጽፎልን ነበር። ስለዚህ ሁሉም 23,000 ብር መሆን ነበረበት። ደረሰኙ ሲመጣ ግን እንዲህ ይላል፦ ዋጋ 23,000፣ ቫት 3,450፣ ድምር 26,450።

እኛም መጀመሪያ ሒሳቡን ስንመረምረው ስሕተት አላገኘንበትም። የ23,000 ብር 15 በመቶ በእርግጥ 3,450 ነው። ስሕተቱ ያለው ማባዛቱ ላይ ሳይሆን የተባዛው ዋጋ ላይ ነው። 575 ብር ውስጥ ቫቱ አስቀድሞ ገብቷል፤ ሻጩ ቫት በቫት ላይ ቆጠረብን ማለት ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት ደረሰኙን ብቻ በማየት አይገኝም። ከዋጋ ማቅረቢያው ጋር ጎን ለጎን አድርጎ ማየት የግድ ነው።

ታዲያ ትክክለኛው እንዴት ይገኛል? ቫትን የጨመረው ዋጋ 115 እጅ ነው እንበል፤ 100ው የዕቃው፣ 15ቱ የቫቱ ነው። 23,000ን ለ115 ስናካፍል 200 ይሆናል። 200 በ15 ሲባዛ 3,000፣ ይኸው ቫቱ ነው። የዕቃው ዋጋ 20,000፣ ማለትም ለአንዱ ቆርቆሮ 500 ብር ነው።

አንዳንዱ ሻጭ ደግሞ ድምሩን 23,000 አድርጎ ቫቱን 3,450፣ ዋጋውን 19,550 ብሎ ይከፍለዋል። ይህንን መያዝ ቀላል ነው፦ የ19,550 ብር 15 በመቶ 2,932.50 እንጂ 3,450 አይደለም።

ቅናሽ ሲኖርም ተጠንቀቁ። የምስማርና የእንጨቱ ዋጋ 8,000 ነበር፤ 800 ብር ቀነሱልን። ቫት የሚሰላው በቀረው 7,200 ላይ ስለሆነ 1,080 ብር ነው። በ8,000ው ላይ ቢሰላ 1,200 ይሆንና 120 ብር ያለአግባብ እንከፍላለን።

መጣኔው ቫት በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ 15 በመቶ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1341/2016ም አልለወጠውም። የቫት ተመዝጋቢ ነጋዴ የከፈለውን ቫት ከሚያስገባው ላይ ያቀናንሳል። ማኅበራችን ተመዝጋቢ ስላልሆነ ግን የተሳሳተው ብር በቀጥታ ከመዋጮአችን ይወጣል።

እኛ ደረሰኙን አልሰረዝንም፣ አልደለዝንም። ማቅረቢያውን ይዘን ተመለስን፤ ሻጩም አይቶ አመነ፣ በክሬዲት ኖት አስተካክሎ 3,450 ብራችንን መለሰ።

እንግዲህ ከሀብሩም ሆነ ከወልድያ ዕቃ ስትገዙ ገንዘብ ሳትቆጥሩ በፊት «ዋጋው ቫትን ጨምሮ ነው ወይስ ሳይጨምር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበሉ። እኛን ያዳነን ያቺው ወረቀት ናት።