ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፦ ለሦስት የዕፀዋት ሻዮች ስም ስለ ማውጣት



የዛሬው ርእሴ ጠባብ ነው። አንድ አነስተኛ አምራች ሦስት የዕፀዋት ሻዮችን በአንድ ጊዜ ለገበያ ሲያወጣ ምን ስም ይስጣቸው? ከስሙ ሥር በምትጻፈው በአንዲቷ መስመርስ ምን ይበል? ለምሳሌ እንዲመቸን ሦስቱን ሻዮች እኔው ልምረጣቸው፦ ጦስኝ፣ ጠጅ ሳርና ከርከዴ። ሦስቱም ከሻይ ቅጠል ተክል አይገኙም፤ ሦስቱም ካፌይን የላቸውም። ጦስኝ በመንዝ፣ በጣርማበርና በባሌ ደጋ በብርድ መካከል ይበቅላል። ጠጅ ሳር የብዙ ወይና ደጋ ጓሮ ነዋሪ ነው። ከርከዴ ሙቀት ይወዳል።

አምራቹ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚያስበው ቅጠሉን እንዳለ ስም ማድረግ ነው። «ጦስኝ ሻይ» ብሎ በትልቁ ያሳትማል። ለገዢው ግልጽ ነው፤ ለአምራቹ ግን የራሱ ንብረት አይሆንለትም። በንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት የዕቃውን ዓይነት፣ ጥራት፣ አገልግሎት ወይም የመጣበትን ቦታ ብቻ የሚገልጽ ስም በንግድ ምልክትነት አይመዘገብም። ይህ ተገቢ ሕግ ነው፤ ጦስኝ የሚለቅም ሁሉ ጦስኝን ጦስኝ ብሎ የመሸጥ መብት አለውና። በዓመቱ ጎረቤቱ በተመሳሳይ ካርቶን «ጦስኝ ሻይ» ብሎ ቢያወጣ ግን የመጀመሪያው አምራች ስሙ ተወሰደብኝ ብሎ የሚከስበት መንገድ የለውም። ስለዚህ የቅጠሉ ስም ከካርቶኑ አይጠፋም፤ ከዋናው ስም ሥር፣ በግልጽ ፊደል፣ የውስጡን ዕቃ ለመንገር ብቻ ይቀመጣል።

ሁለተኛው ሐሳብ የበሽታ ስም ነው። ጦስኝን ለሳልና ለደም ግፊት፣ ከርከዴንም እንዲሁ ለደም ግፊት የሚጠጣ ሰው ብዙ ስለሆነ አምራቹ ይህን ካርቶኑ ላይ ማስፈር ይፈልጋል። እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ አቋም አለኝ፤ አይጻፍ። በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብና መድኃኒት የሚተዳደሩበት መንገድ የተለያየ ነው፤ በሽታ እፈውሳለሁ የሚል ምርት ራሱን ከምግብ መደብ አውጥቶ ወደ መድኃኒት መደብ ያስገባል። ለንግድ ምልክት ምዝገባ በምንጠቀምበት የዕቃዎች አመዳደብም መድኃኒትነት የሌለው ሻይ በመደብ 30፣ ለሕክምና የሚውል ሻይ ደግሞ በመደብ 5 ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ኅብረት ገበያም በምግብ ማሸጊያ ላይ ፈውስ መጥቀስ የተከለከለ ነው፤ ለዳያስፖራው ሱቅ የታሰበ ካርቶን በአንዲት ቃል ምክንያት ወደብ ላይ ሊቀር ይችላል። ከሕጉ በላይ ደግሞ ሰውየው አለ። የግፊት ኪኒኑን ትቶ በሻይ የሚተካ ሰው ሊጎዳ ይችላል፤ ያንን ስሕተት ካርቶናችን ሊያስተምረው አይገባም።

እንግዲህ የቅጠሉም የበሽታውም ስም ከወጣ ምን ይቀራል? የሚጠጣበት ሰዓት፣ ጣዕሙና የመጣበት ዓይነት አገር ይቀራሉ። በኮሎራዶ በቦልደር ከተማ በ1969 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የሻይ ኩባንያ ሰለስቲያል ሲዝኒንግስ ይህን ቀድሞ አይቶታል። በ1972 ያወጣው ስሊፒታይም የተሰኘው ሻይ ውስጥ ካሞሚል፣ ናናና ጠጅ ሳር አለ፤ ስሙ ግን አንዱንም ቅጠል አይጠራም፤ የመኝታን ሰዓት ነው የሚጠራው። ከርከዴ የገባበት ቀይ ሻዩም ሬድ ዚንገር ተብሎ በቀለሙና በጣዕሙ ኃይል ተሰየመ። ገዢው ስሙን ሲሰማ መቼ እንደሚጠጣው ወይም ምላሱ ላይ ምን እንደሚሰማው ያውቃል። ሁለቱም ስሞች እስከ ዛሬ መደርደሪያ ላይ ናቸው።

ወደ እኛ እንመለስ። ምርቶቹ ሦስት ናቸው ሲባል ከአሥር ሰው ዘጠኙ «አቦል፣ ቶና፣ በረካ» ይላል። ስሞቹ ውብ ናቸው፤ ለዚህ ሥራ ግን አይሆኑም። አንደኛ፣ የቡና ናቸው፤ ገዢው አቦል የሚል ካርቶን ሲያይ ቡና ይጠብቃል። ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ከባድ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የደረጃ ስሞች ናቸው፤ አቦሉ ወፍራም ነው፣ በረካው ቀጭን። በረካ የተባለው ሻይ ገና ሳይቀመስ ከሦስቱ የላላው ተደርጎ ይታሰባል። ሦስት እኩል ዋጋ ያላቸውን ምርቶች ደረጃ ባለው ስም መጥራት አንዱን ከመነሻው መጉዳት ነው።

ሌላው ወዲያው የሚመጣ ስም ጉልቻ ነው። ሦስት ጉልቻ ማለት ቤት፣ ትዳር፣ እሳት ማለት ነው፤ ለሦስት ሻዮች የጋራ መጠሪያ ለመሆን የተፈጠረ ይመስላል። ነገር ግን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ በልቡ የያዘው ተረት አለ፦ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም»። ስሙ ገበያ በወጣ ማግስት ተረቱ ይከተለዋል። አዲስ ጣዕም አመጣሁ የሚል አምራች ለውጥ ከንቱ ነው የሚል ተረት ያዘለ ስም መምረጥ የለበትም። ስለዚህ ማንኛውንም የአማርኛ ስም ስንመርጥ መዝገበ ቃላት ከመግለጣችን በፊት አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ይህ ቃል በየትኛው ተረትና ምሳሌ ውስጥ አለ? ስድብ ውስጥስ ይገባል? ይህን ለማወቅ ሁለት ሽማግሌዎችና ሁለት ተማሪዎች ይበቃሉ።

እኔ የምመርጠው እንዲህ ነው። የሦስቱ የጋራ ስም ጓዳ ይሁን። ጓዳ ቅመሙም፣ ቅጠሉም፣ እናት ለእንግዳ ያስቀመጠችው ነገርም ያለበት ክፍል ነው፤ የሻይን ዓይነት ግን አይገልጽም፤ ስለዚህ በንግድ ምልክትነት ሊቀርብ ይችላል። አራተኛ ሻይ ቢጨመር አይጠብም። ሦስቱ ምርቶች ደግሞ እያንዳንዳቸው ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ይባሉ። እነዚህን ስሞች ተማሪ ሁሉ ከክፍል ያውቃቸዋል፤ አንዱ ከሌላው አይበልጥም፤ ቅጠሎቹም በእውነት የየአገሩ ናቸው። የምርቶቹ ስሞች አካባቢን ስለሚጠቁሙ ብቻቸውን ጠንካራ የንግድ ምልክት አይሆኑም። ጥበቃውን የሚሸከመው ጓዳ የሚለው ነው፤ ደጋና ቆላ ገዢውን መደርደሪያው ላይ ይመሩታል።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልበል። ደንበኛ ምርትን በስልኩ ሲፈልግ በሚጽፈው ፊደል ነው የሚያገኘው። ፀሐይ የሚል ስም ብናወጣ አንዱ በፀ፣ ሌላው በጸ፣ አንዱ በሐ፣ ሌላው በሀ ይጽፈዋል። ጓዳ፣ ደጋና ቆላ ውስጥ ድምፁ አንድ ሆኖ ቅርጹ የሚለያይ ፊደል የለም። ወይና ደጋ ብቻ ተለያይቶም ተገጥሞም ስለሚጻፍ አምራቹ አንዱን መርጦ በሁሉም ቦታ በዚያው ይጽና።

ወደ ላቲን ፊደል ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። የጦስኝ የተለመደው የላቲን አጻጻፍ በእንግሊዝኛ አንባቢ ዓይን «ቱ ሳይን» ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ቆላ ደግሞ በኬ ከተጻፈ ቀይና ቀዝቃዛ መጠጥ ላይ ስለተለጠፈ ኮላ ተብሎ ይነበባል፤ ይህ መሳቂያ ብቻ ሳይሆን ከሌላ ምርት ጋር የሚያምታታ ነው። በኪው ይጻፍ፤ ከሥሩም የተክሉ እንግሊዝኛ ስም ይቀመጥ። ጠጅ ሳርም ቃል በቃል ከተተረጎመ አልኮል ያለበት ስለሚመስል በተለመደው የእንግሊዝኛ ስሙ ይጠራ።

አሁን ወደ መሪ ቃሎቹ። አማርኛ ለአንድ መስመር መልእክት የሚያስቸግረው በግሡ ነው። «ጠጣ» ስንል ሴቲቱን ተውን፤ «ጠጪ» ስንል ወንዱን፤ «ይጠጡ» ስንል የሚያከብር ግን የራቀ ድምፅ ሆነ፤ «ጠጡ» ደግሞ ብዙ ሰው ሰብስቦ ማዘዝ ነው። መፍትሔው ትእዛዙን ትቶ ሰዓቱን ወይም ጣዕሙን መናገር ነው።

ለደጋ መጀመሪያ የሚመጣው «ለብርድ» የሚል ነው። አደገኛ ነው። በአማርኛ ብርድ የአየሩ ቅዝቃዜም ነው፣ «ብርድ መታኝ» የምንለው ሕመምም ነው፤ ካርቶን ላይ «ለብርድ» ሲባል የመድኃኒት ቃል ይሆናል። ስለዚህ አየሩን ብቻ የሚጠራውን ቃል እንውሰድ፦

ደጋ። ውርጭ ላደረበት ማለዳ።

ጠጅ ሳር ማታ ቤት ውስጥ የሚሸት ነገር ነው። «እንቅልፍ ያመጣል» አንልም፤ ሰዓቱን ብቻ እንናገራለን፦

ወይና ደጋ። ቀኑ ሲመሽ፣ ቤቱ ሲሞላ።

እዚህ ሁለቱ ሐረጎች እኩል ይመዝናሉ፤ «ሲመሽ» እና «ሲሞላ» ድምፃቸው ስለሚቀራረብ ሬዲዮ ላይ አንድ ጊዜ የሰማ ይዞት ይሄዳል።

ከርከዴን የማያውቀውን ሰው የሚያስደነግጠው ኮምጣጣነቱ ነው። ብዙ አምራች ይህን ይደብቃል፤ ገዢው ስኳር ያለበት ጭማቂ ጠብቆ ይጎነጭና ሁለተኛ አይገዛም። በግልጽ ይነገር፦

ቆላ። ቀይ፣ ኮምጣጣ፣ በበረዶ።

ሦስቱም መስመሮች በሽታ አይጠሩም፣ አያዝዙም፣ «ምርጥ» ወይም «ተፈጥሯዊ» አይሉም። እነዚህ ሁለት ቃላት በእያንዳንዱ ካርቶን ላይ ስላሉ ገዢው ማንበባቸውን ትቷል።

ስሙ መሥራቱ የሚታወቀው በሱቅ ነው። ምርቱን ለማያውቅ ባለሱቅ ስልክ ደውላችሁ «ሁለት ካርቶን ጓዳ ደጋ ላክልኝ» በሉት። «ምን አልክ?» ብሎ ከአንድ ጊዜ በላይ ከጠየቀ ስሙ በጆሮ አልገባም። መሪ ቃሉን ደግሞ ለአንድ ሰው አንብባችሁለት የትኛው ሻይ እንደሆነ ጠይቁት። «ውርጭ ላደረበት ማለዳ» ሲባል ከርከዴውን ከጠቆመ መስመሩ ይጣል።

በመጨረሻ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ጓዳ የሚለውን ስም እዚህ የተጠቀምኩበት ለምሳሌ ነው፤ ሌላ ሰው ቀድሞ አስመዝግቦት ሊሆን ይችላል። የእናንተም ስም እንዲሁ። ማተሚያ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ፍለጋ አስደርጉ፤ ነፃ ከሆነ በመደብ 30 አመልክቱ። ምዝገባው የሚጸናው ለ7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ይታደሳል። የማደሻውን ቀን ዛሬውኑ በመዝገባችሁ ጻፉት።