ለጥቂት የተረፈው ማን ነው?

የጥሪ ወረቀቱ «ከመጻፍ በፊት መለየት፤ ክስተት፣ ለጥቂት ያመለጠ ስህተት ወይስ ቅሬታ?» ይላል። አብዛኛውን ሰዓት በአንዲት ብልቃጥ የደም ናሙና ላይ እንደማጠፋው ግን ከወዲሁ ልንገራችሁ።

ያኔ እሠራበት በነበረው ሆስፒታል የቅሬታ መዝገብ ሳገላብጥ እንዲህ የሚል አገኘሁ፤ «ከባለቤቴ ጠዋት ደም ቀዱ፤ ከሰዓት ደግሞ መጥተው ቀዱ። ለምን ብል ተቆጡኝ።» ከጎኑ «የሥነ ምግባር ጉድለት» ተብሎ ተመድቧል። ነርሷ ተመክራለች፤ ጉዳዩ ተዘግቷል።

ሁለተኛው ደም ለምን ተቀዳ? ይህን የጠየቀ አልነበረም። የዕለቱን ተረኞች አነጋገርኩ። በወሊድ ክፍል ጎን ለጎን የተኙ ሁለት እናቶች ነበሩ፤ ስማቸውም የአባታቸው ስምም አንድ፤ የሚለያቸው የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ብቻ። አንደኛዋ ከወለደች በኋላ ብዙ ደም ስለፈሰሳት ደም ታዘዘላት። ነርሷ ስሙን ስትጠራ ሁለተኛዋ፣ ጠዋት ደም የተቀዳችው የባለቅሬታው ሚስት፣ «አቤት» አለች። እዚህ ላይ እጃችሁን አውጡ ብላችሁ ስንቶቻችሁ ታወጣላችሁ? ሁላችንም «እገሊት» ብለን እንጠራለን እንጂ «ስምሽ ማን ነው? የአያትሽስ?» ብለን አንጠይቅም። ነርሷ ከሁለተኛዋ ቀዳች፤ ብልቃጡን ወደ ጠረጴዛዋ ወስዳ የአንደኛዋን ስምና ቁጥር ለጠፈችበት።

ላቦራቶሪው የደም ዓይነቱ «ቢ» ነው አለ። ባለሙያው ግን አዋላጇ በመጠየቂያው ላይ ከእርግዝና ክትትል ካርዱ የገለበጠችውን «ኦ» አይቶ ደወለ። ናሙናው በድጋሚ፣ አሁን ከአንደኛዋ፣ ተወሰደ፤ «ኦ» ሆነ፤ ትክክለኛው ደም ተሰጠ። ሁሉም «ለጥቂት ተረፍን» አለ፤ የጻፈ ግን የለም።

«ክሮስማች ይይዘው ነበር» የምትሉ ትኖራላችሁ። አይይዘውም። ክሮስማች የሚያነጻጽረው የለጋሹን ደም ከብልቃጡ ጋር ነው፤ ብልቃጡ ውስጥ ያለው የሁለተኛዋ ደም ስለሆነ የ«ቢ» ደም ይስማማል ብሎ ያልፋል። ከዚያ የ«ኦ» ሰው «ቢ» ይሰጣታል፤ ሰውነቷ የገባውን ደም ማፍረስ ይጀምራል፤ ኩላሊት ይጎዳል፣ ሕይወትም ያልፋል። ያዳናት የድሮው መዝገብ ነው። መዝገብ ባይኖር ወይም ሁለቱ አንድ ዓይነት ደም ቢኖራቸው ስህተቱን ማንም አያውቅም ነበር።

እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? የዓለም የጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው የታካሚ ደኅንነት ምደባ፣ ለጥቂት ያመለጠ የሚባለው ታካሚው ዘንድ ሳይደርስ የቀረ ክስተት ነው። ደርሶ ጉዳት ካላስከተለ ስሙ ሌላ ነው፤ ጉዳት አልባ ክስተት። ስለዚህ ለአንደኛዋ እናት ለጥቂት ያመለጠ ነው። ለሁለተኛዋስ? ሳያስፈልጋት በመርፌ ተወግታለች፤ እሷ ዘንድ ደርሷል። ለእሷ ክስተት ነው፤ ቀላል ይሁን እንጂ ክስተት ነው። «ለጥቂት ተረፍን» ስንል የረሳናት እሷን ነው።

ቃሉ በተለይ ለአዋላጆች አስቸጋሪ ነው። በእናቶች ጤና «ለጥቂት የተረፈች እናት» የምንለው በእርግዝና፣ በወሊድ ወይም እርግዝናው ካበቃ በ42 ቀናት ውስጥ በከባድ ችግር ልትሞት ተቃርባ የተረፈችውን ነው። እሷን አደጋው በደንብ አግኝቷታል! አማርኛችን ሁለቱንም «ለጥቂት» ስለሚል፣ አንዲት አዋላጅ የወሊድ ክፍሉን ከባድ ሕመምተኞች ሁሉ ያመለጡ ስህተቶች ቅጽ ላይ ስትሞላ አይቻለሁ። ቁጥሩ ሲያድግ ኃላፊው ስህተት የበዛ መስሎት ደነገጠ።

ሰዓት እየሄደ ነው፤ ርዕሱን በችኮላ ልጨርስ። ብዕር ከማንሳታችሁ በፊት ስለ እያንዳንዱ ታካሚ ለየብቻ ጠይቁ። መደረግ ከነበረበት የተለየ ነገር ተደርጓል? ታካሚው ዘንድ ደርሷል? ጎድቶታል? የመጀመሪያው መልስ በእርግጥ «የለም» ከሆነ ብቻ ጉዳዩ ቅሬታ ሆኖ ይቅር። ቅሬታ ነገሩ በማን አፍ እንደመጣ ይነግረናል እንጂ የሆነው ምን እንደሆነ አይነግረንም፤ አንድ ጉዳይ ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። መድረሱን ካላወቃችሁ እንደደረሰ ቁጠሩትና ሲጣራ አስተካክሉት፤ ምደባው እስኪጠራ ብላችሁ ግን ሪፖርቱን አታሳድሩ።

ያንን የተዘጋ መስመር ከፍተን ለሁለቱ እናቶች ሁለት ቅጽ ሞላን። ለባልየውም ደውለን፣ ሁለተኛው ደም ለምን እንደተቀዳ ነገርነው።