ደማቁ ጥለት

ሽሮ ሜዳ ነን፤ ሁለት ጓደኛሞች ለሠርግ የሚለብሱትን የሐበሻ ቀሚስ ይመርጣሉ።

«ባለ ቀይ ጥለቱ ይሁንልኝ።»

«አንቺ ደግሞ! ሙሽራዋን ልትጋርጃት ነው?»

«ሙሽራዋማ ቬሎ ነው የምትለብሰው። ሠርግ ላይ ያልተደመቀ የት ሊደመቅ ነው?»

እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፤ የደስታ ቀን ጥለት ከሩቅ ይታይ።

«እሺ፣ ግን መጀመሪያ ወደ በሩ አውጪው። በሱቅ መብራት ቀለም ያታልላል።»

አወጡት፤ ፀሐይ ላይም ያው ቀይ ነው። ጓደኛዋ ግን አልጨረሰችም። ባለሱቁን አስፈቅዳ፣ ነጭ መሐረቧን በውሃ አርሳ፣ የጥለቱን ጫፍ ከጀርባው በኩል አሸት አሸት አደረገችው። መሐረቡ ሮዝ ሆነ።

«አየሽ? ይለቃል። ገና ስትጨፍሪ በላብሽ፣ ካልሆነም በመጀመሪያው እጥበት፣ ቀዩ ነጩ ላይ ይወርድብሻል። አንዴ ጥጡ ውስጥ ከገባ ደግሞ ማስለቀቁ መከራ ነው።»

«ታዲያ ነጭ በነጭ ልልበስ?»

«ማን አለሽ? ያንን ቢጫውን አምጪው።»

ቢጫውም በእርጥቡ መሐረብ ሌላ ጫፍ ታሸ። መሐረቡ ንጹሕ ነው።

«እንግዲያው ይሄ ይጠቅለልልኝ፤ ነጠላውም በዚሁ ጥለት!»